የሰው ሱቅ ሳይሆን የራሳቸውን አሳዩአቸው፦ የሽያጭ ሶፍትዌርን በነጻ ማሳያ ስለማስተዋወቅ

አንድ የሶፍትዌር ሻጭ ወደ ትንሽ ሱቅ ይገባል። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ይከፍታል። ስክሪኑ ላይ ያማረ ሱቅ አለ። ዕቃው ሁሉ ፎቶ አለው፣ ዋጋው ተሞልቷል፣ የወሩ ሽያጭ በቀለም በቀለም ተስሏል። ባለሱቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያያሉ። በመሃል ሁለት ሦስት ደንበኛ ገብቶ ያቋርጣቸዋል። በመጨረሻ «ጥሩ ነገር ነው፤ አስብበትና እደውልልሃለሁ» ይላሉ። ስልኩ ግን አይደወልም።

እኔም በዚህ መንገድ ብዙ ሱቅ ገብቼ ወጥቻለሁ። ያኔ የምሠራበት ድርጅት የሰጠን ማሳያ «ዕቃ 1»፣ «ዕቃ 2» የሚሉ ስሞች የተሞሉበት ነበር። ሰው የማይገዛን ዋጋው ከብዶት መስሎን ቅናሽ አደረግን። የተለወጠ ነገር የለም። ነገሩ የገባኝ አንዲት ባለሱቅ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሰው ሱቅ ነው፤ የእኔን አሳየኝ» ሲሉኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳያ የማደርግበት መንገድ ተለወጠ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መንገድ ነው። ሶፍትዌር ለምትሸጡም ሆነ «በነጻ እናሳያችሁ» ለተባላችሁ ባለሱቆች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ፖስ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የባንክ ካርድ የሚገባበትን ማሽን ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ሽያጭን ስለሚመዘግብ ሶፍትዌር። አንድ ዕቃ ሲሸጥ ስሙን፣ ብዛቱንና ዋጋውን ይይዛል፣ ከክምችት ላይ ይቀንሳል፣ ማታ ደግሞ ስንት እንደተሸጠና መሳቢያው ውስጥ ስንት መኖር እንዳለበት ይናገራል። በኮምፒውተር፣ በታብሌት ወይም በስልክ ሊሠራ ይችላል። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ደቂቃ ካልተናገራችሁ ባለሱቁ ማሳያውን በሙሉ ሌላ ነገር እየጠበቁ ሊያዩት ይችላሉ።

«ነጻ» የሚለውም ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ይሸፍናል። አንደኛው ማሳያ ነው፤ ሻጩ አጠገብ ቆሞ ያሳያል፣ ያስረዳል። ሁለተኛው ነጻ ሙከራ ነው፤ ሶፍትዌሩ ለተወሰነ ቀን ይከፈትና ባለሱቁ ብቻቸውን ይሞክሩታል። ለትልቅ ድርጅት ነጻ ሙከራ ይሠራል፣ ዕቃውን መዝግቦ የሚያስገባ ሠራተኛ አለውና። ብቻውን ለሚሠራ ባለሱቅ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው።

አንድ ሱቅ 600 ዓይነት ዕቃ አለው እንበል። የአንዱን ስም፣ ባርኮድ፣ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ እንዲሁም ብዛት ለማስገባት ለለመደ ሰው እንኳ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። 600 ደቂቃ ማለት 10 ሰዓት ነው። ያውም ደንበኛ ሳያቋርጥ። ባለሱቁ የመጀመሪያ ማታ 25 ዕቃ ያስገባሉ፣ በማግሥቱ 10፣ ከዚያ ይተዉታል። ሙከራው 14 ቀን ሆነ 30 ቀን ለውጥ የለውም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚከፍተው የለም። ስለዚህ ነጻ የተባለው ነገር ለባለሱቁ ነጻ አይደለም፤ ዋጋው የ10 ሰዓት ድካም ነው። ያንን ዋጋ ማን እንደሚሸከም ሳይወሰን ማስታወቂያ መሥራት ከንቱ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ማስገባት ሳይሆን ጥቂቱን መርጦ ማስገባት ነው። እኔ 40 ዕቃ እወስዳለሁ። ባለሱቁን «በቀን ደጋግመው የሚሸጡት የትኛውን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መደርደሪያውን እያዩ ይጠሩልኛል። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ከእነዚህ ውስጥ መጉደሉን የሚጠረጥሩት አለ?» ለዚህ ጥያቄ ያልመለሰልኝ ባለሱቅ አላስታውስም። ያ ዕቃ የማሳያው ልብ ይሆናል። ዕቃዎቹን የማስገባው እኔ ነኝ፤ በ40 ደቂቃ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሥራው የሻጩ ነው፣ የባለሱቁ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የሚወድቅበት አንድ ትንሽ ጉድጓድ አለ። ዕቃዎቹን መጀመሪያ ኤክሴል ላይ መዝግቦ ወደ ሶፍትዌሩ ማስገባት የተለመደ ነው። ባርኮድ ብዙ ጊዜ 13 አሃዝ ነው። ኤክሴል ደግሞ ረጅም ቁጥር ሲያይ ያሳጥረዋል። ለምሳሌ የመጀመሪያው መስመር ሁለተኛውን ሊመስል ይችላል፦

```
5901234123457
5.90123E+12
```

እንዲህ እንዳለ በሲኤስቪ ፋይል ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፉ ማለት ነው። በ0 የሚጀምር ባርኮድ ደግሞ 0ው ይበላል። ከዚያ ባለሱቁ ፊት ስካነሩ ይጮሃል፣ ሶፍትዌሩ ግን «ዕቃው አልተገኘም» ይላል። ለዚያ ባለሱቅ ማሳያው እዚያ ላይ አበቃ። መድኃኒቱ ቁጥር ከመጻፍ በፊት የባርኮዱን ዓምድ Text ማድረግ ነው። ከገባ በኋላም አምስት ስድስት ዕቃ ከመደርደሪያ አንሥቶ መሞከር ያስፈልጋል።

ስካነሩም ራሱ ምሥጢር የለውም። አብዛኛው ስካነር ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ነው የሚታየው፤ ባርኮዱን አንብቦ አሃዞቹን ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ Enter ይጫናል። ስለዚህ ችግሩ ከስካነሩ ይሁን ከሶፍትዌሩ ለማወቅ Notepad ከፍቶ አንድ ዕቃ ማስነበብ ይበቃል። ቁጥሩ ከተጻፈ ስካነሩ ደህና ነው።

አሁን ወደ ባንኮኒው እንመለስ። ሰዓቱን ባለሱቁ ይምረጡ፤ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ሰዓት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ አንድ ደንብ አለኝ፦ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ስካነሩን የሚይዙት፣ ስክሪኑን የሚነኩት እሳቸው ናቸው። ሻጭ ሲያሳይ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፣ መቶ ጊዜ አድርጎታልና። ባለሱቁ ግን ማወቅ የሚፈልጉት እኔ መቻሌን አይደለም፣ እሳቸው መቻላቸውን ነው። የሚቸገሩበትን ቦታ ዝም ብላችሁ ስታዩ ደግሞ ሶፍትዌራችሁ የት ላይ እንደሚያስቸግር ትማራላችሁ።

የማስሠራቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንድ ሽያጭ፣ አንድ ዕቃ መቀበል፣ አንድ የተመለሰ ዕቃ። ሪፖርት አላሳይም፣ ግራፍ አላሳይም። የሌለ ሽያጭ ሪፖርት የለውም።

ከሦስቱ ሽያጩ ቀላሉ ነው። ተመላሹም ብዙ አያደክም፤ ገንዘቡ ከመሳቢያ ሲወጣ ዕቃው ወደ ክምችት መመለሱን ማየት ይበቃል። መቀበሉ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በኋላ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚወለደው እዚያ ነው። ዕቃ የሚገባው በካርቶን ነው፣ የሚሸጠው በፍሬ። አንድ ካርቶን ውስጥ 24 ሳሙና አለ እንበል። 5 ካርቶን ገባ። ካሸሩ «5» ብሎ ይመዘግባል። በሳምንቱ 30 ሳሙና ይሸጣል። ሶፍትዌሩ ክምችቱ −25 ነው ይላል። ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ሳሙና እያዩ ስክሪኑ «ከዜሮ በታች ነህ» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ምንም ቢናገር አያምኑትም።

ትክክለኛው መንገድ ዕቃው ሲመዘገብ ሁለት መለኪያ መስጠት ነው፦ 1 ካርቶን = 24 ፍሬ። ያኔ 5 ካርቶን ሲገባ ሶፍትዌሩ 120 ፍሬ ይይዛል፣ 30 ሲሸጥ 90 ይቀራል። ሶፍትዌሩ ሁለት መለኪያ የማያውቅ ከሆነ መቀበያው ላይ ሁልጊዜ በፍሬ መጻፍ ግድ ነው፣ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ባለሱቆች፣ አንድ ሶፍትዌር በነጻ ሲታያችሁ አንድ ካርቶን አምጡና «ይሄን አስገባልኝ፣ ከዚያ አንድ ፍሬ ሽጥልኝ» በሉ። ስለ ሶፍትዌሩ ከየትኛውም ብሮሹር የበለጠ ትሰማላችሁ።

ማሳያው ግን በአንድ ቀን አያልቅም። የእኔ ስጦታ ሰባት ቀን ነው፣ በ40 ዕቃ ብቻ። የቀረው ሱቅ እንደ ድሮው ይቀጥላል። በመጀመሪያው ቀን 40ውን ዕቃ ከባለሱቁ ጋር እንቆጥራለን። በሰባተኛው ቀን ደግመን እንቆጥራለን። በመሃል አንድ ቀን ብቅ ብዬ አያለሁ፣ በየቀኑ ግን አልደውልም።

አንድ ሱቅ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለሱቁ የጠረጠሩት ዕቃ አረንጓዴ መጠቅለያ ያለው ሳሙና ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስንቆጥር 18 ፍሬ ነበረ። በሳምንቱ ውስጥ 3 ካርቶን ገባ፣ 72 ፍሬ። ሁለቱ ሲደመር 90። ሶፍትዌሩ 58 ተሸጧል አለ። ስለዚህ 32 መኖር አለበት። ስንቆጥር 27 ሆነ። 5 ጎደለ።

ባለሱቁ ወዲያው ወደ ሠራተኛቸው ዞሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ደግሞ «አንድ ደቂቃ፣ ሰማያዊውንም እንቁጠር» አልኩ። ሰማያዊው ሳሙና ያው ድርጅት የሚሠራው፣ ዋጋውም እኩል የሆነ፣ በመዓዛው ብቻ የሚለይ ነው። ሶፍትዌሩ 14 አለ። ቆጠርን፣ 17 ሆነ። 3 ትርፍ!

አሁን ነገሩ ተፈታ። ደንበኛ አንድ ሰማያዊና ሦስት አረንጓዴ ያነሣል። ሠራተኛው ዋጋው አንድ ስለሆነ ሰማያዊውን አንዴ ያስነብብና ብዛቱን 4 ያደርጋል። ገንዘቡ ልክ ነው፣ መሳቢያው አይጎድልም። ክምችቱ ግን ከአረንጓዴው 3 ይጎድላል፣ በሰማያዊው 3 ይተርፋል። ከአምስቱ ሦስቱ ተገኙ። አንዱን ባለሱቁ ራሳቸው «ለካስ ማክሰኞ ለቤት ወስጃለሁ» ብለው አስታወሱ። አንዱ አልተገኘም።

ያንን አንዱን አልሸፋፈንኩትም። ሶፍትዌር ሌባ አይዝም፤ የሚያሳየው በተመዘገበውና በተቆጠረው መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የተሰበረ ይሁን፣ የተሰረቀ ይሁን፣ ሳይመዘገብ የወጣ ይሁን፣ የሚለየው ሰው ነው። ግን ከአምስት ወደ አንድ መውረዱ ለዚያ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነበር። ለምን ያህል ጊዜ በዝምታ ሲጠረጠር እንደኖረ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ተስማሙ፦ እያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ይነበባል፣ ለቤት የሚወሰደውም በመሸጫ ዋጋ ሳይሆን «የግል ወጪ» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን ለማየት ግራፍ አላስፈለገም። አንድ ሳሙና በቃ። የትኛውም የተዘጋጀ የማሳያ ሱቅ ይህን ሊያሳይ አይችልም፣ ምክንያቱም ውስጡ የጎደለ ነገር የለም።

ማስታወቂያውም ከዚህ መነሣት አለበት። «ሱቅዎን ያዘምኑ! ዛሬውኑ ነጻ ማሳያ ይጠይቁ!» የሚል ጽሑፍ ለባለሱቅ ምንም አይነግርም። ምን ሊሆን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ አያውቁም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ከሱቅዎ 40 ዕቃ ይምረጡ። እኛ መጥተን እናስገባለን። ለሰባት ቀን በራስዎ ሱቅ ይሞክሩታል። በመጨረሻው ቀን አብረን ቆጥረን የተሸጠውንና የቀረውን እናስተያያለን። ክፍያ የለውም፣ የካርድ ቁጥርም አንጠይቅም። ካልፈለጉት መዝገብዎን በፋይል ሰጥተንዎት እንሄዳለን። ስካነርና ፕሪንተር ለሙከራው እናውስዎታለን፤ ከዚያ በኋላ ግን በክፍያ ነው።»

ረጅም ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለሱቁ በልባቸው የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ ይመልሳል። በተለይ የመጨረሻውን አትቁረጡት። ሶፍትዌሩ ነጻ ተብሎ መሣሪያው በኋላ ዱብ ሲል ሰው የተታለለ ይመስለዋል፣ እውነቱንም ነው። ከሙከራ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ በራሱ የሚጀምር ከሆነም ቀኑና መጠኑ እዚያው ይጻፍ።

ከመግባታችሁ በፊት የምትናገሩት ሌላም ነገር አለ። በብዙ አገር ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆርጠው በግብር መሥሪያ ቤት የጸደቀ መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ብቻ ነው። የእናንተ ካልጸደቀ ደረሰኝ መተኪያ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሩ። ከጸደቀም ቢሆን፣ ስታለማምዱ ሶፍትዌሩን በማሰልጠኛ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ የልምምዱ ሽያጭ እንደ እውነተኛ ሽያጭ ይቆጠራል። ባለሱቆች «ይሄ ነገር ገቢዬን ለማን ያሳያል?» ብለው ሲጠይቁ ደግሞ አትሳቁ፣ አታድበስብሱም። መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ለግብር መሥሪያ ቤት በቀጥታ የሚሄድ ነገር መኖር አለመኖሩን ቁርጡን ንገሯቸው። የመግዣ ዋጋን ሠራተኛ እንዳያይ መዝጋት የሚቻል ከሆነም እዚያው በካሸሩ መግቢያ ገብታችሁ አሳዩ።

ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ማለት ቀላል ነው። እኔ ባለሱቁ ፊት ዋይፋዩን አጠፋለሁ፣ ሁለት ሽያጭ ያስመዘግባሉ፣ ከዚያ መልሼ አበራለሁ። ሁለቱ ሽያጮች አንድ ጊዜ ብቻ ተልከው መታየት አለባቸው፣ ሳይጠፉ፣ ሳይደገሙም። ይህን ፈተና የማያልፍ ሶፍትዌር ይዛችሁ መስመሩ ወደሚቆራረጥበት ሱቅ አትሂዱ።

የፕሪንተሩ ነገር አጭር ነው። ትንንሾቹ ደረሰኝ ፕሪንተሮች ባለ 58 ወይም ባለ 80 ሚሊሜትር ወረቀት ናቸው፤ በጠባቡ ላይ ረጅም የዕቃ ስም ይቆረጣል። ላቲን ያልሆነ ፊደል ደግሞ በብዙዎቹ ላይ በጥያቄ ምልክት ወይም በሳጥን ተተክቶ ይወጣል፣ ሶፍትዌሩ ጽሑፉን እንደ ምስል ካልላከው በቀር። ቢሮ ውስጥ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ለሁሉም ሱቅም አይሆንም። 30 ዓይነት ዕቃ ብቻ ይዘው ብቻቸውን የሚሸጡ ሰው ሁሉንም በዓይናቸው ያውቁታል። ደብተር ይበቃቸዋል። አብዛኛውን ዕቃ በሚዛን እየሰፈሩ የሚሸጡ ከሆነም ባርኮዱ ብዙም አይረዳቸውም፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚነጋገር ሚዛን ካልተገኘ በቀር ብዛቱን በእጅ መጻፍ አለባቸው፣ ሰልፍ ሲበዛ ደግሞ አይጽፉትም። ለእንደዚህ ዓይነት ባለሱቅ «ለእርስዎ አሁን አይጠቅምዎትም» ብዬ ወጥቼ አውቃለሁ። ከእነሱ አንዱ በኋላ ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍቱ ራሳቸው ደወሉልኝ።

ሰባተኛው ቀን ላይ ቆጠራው ካለቀ በኋላ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የቀረውን ዕቃ እናስገባ ወይስ ፋይልዎን ልስጥዎት?» እናስገባ ካሉ የቀረውን 560 ዕቃ በአንድ ጊዜ አንነካም። በየቀኑ ከአንድ መደርደሪያ ላይ ያለውን እየቆጠርን እናስገባለን፣ ያልገባው በደብተር ይቀጥላል። ፋይሉን ካሉ ደግሞ የ40ውን ዕቃ ዝርዝርና የሳምንቱን ሽያጭ እዚያው ስልካቸው ላይ እልክላቸዋለሁ፣ መከፈቱን አብረን እናያለን፣ ስካነሬንም ይዤ እወጣለሁ።